በሥራ ቦታ ስኳርን ለመለካት የሚጻፍ ደብዳቤ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ መጋዘን በማታ ፈረቃ ዕቃ የምታሽግ፣ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የምትወጋ ሠራተኛ አለች እንበል። ሥራዋ ከ2:00 ፒኤም እስከ 10:30 ፒኤም ነው። በመካከሉ ሁለት የ15 ደቂቃ ብሬክና አንድ የግማሽ ሰዓት የምግብ እረፍት አላት። ስኳሯ ግን የብሬክ ሰዓት ጠብቆ አይወርድም። ዕቃ በበዛበት ቀን የጉልበቱ ሥራ ከኢንሱሊኑ ጋር ተደምሮ ሳታስበው ያወርደዋል፤ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ይርባታል። ትንሽ ከቆየ ሐሳቧ ይምታታል። ያን ጊዜ ሱፐርቫይዘር ፈልጋ ፈቃድ መጠየቅ አትችልም። ፈቃዱ ቀደም ብሎ በጽሑፍ በእጇ መኖር አለበት።

ይህን የመጠየቅ መብት የሚሰጣት የ1990 የአካል ጉዳተኛ አሜሪካውያን ሕግ ነው። «እኔ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። በ2008 የተሻሻለው ሕግ ግን የሆርሞን ዕጢዎችን ሥራ የሚያውክ ሕመምንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ስኳሯ በኢንሱሊን ተስተካክሎ ቢቆይም ከለላው አይቀርባትም። ሕጉ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ነው። ከዚያ ያነሱ ድርጅቶችን የሚይዙ የግዛትና የከተማ ሕጎችም አሉ። በራሱ መኪና የሚሠራ፣ በእውነቱ ሠራተኛ ሳይሆን ተቋራጭ የሆነ ሾፌር ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም።

ጥያቄውን በቃል ማቅረብም ይቻላል፤ የተለየ ቅጽ ወይም የሕግ ቋንቋ አያስፈልገውም። እኔ ግን ደብዳቤውን እመርጣለሁ፤ ሱፐርቫይዘር ይቀየራል፣ በቃል የተባለ ነገር ይካዳል። የሠራተኛዋ ደብዳቤ በአማርኛ ቢረቀቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር። በማሸጊያ ክፍል የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። በአካል ጉዳተኛ አሜሪካውያን ሕግ መሠረት የሚከተለው ማስተካከያ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ። ከመደበኛው እረፍት በተጨማሪ በ5:00 ፒኤም እና በ9:15 ፒኤም አካባቢ ስኳሬን የምለካበት 10 ደቂቃ ያህል ያስፈልገኛል። ስኳሬ የመውረድ ምልክት ሲሰማኝ ደግሞ ሰዓት ሳልጠብቅ ሥራ አቁሜ መለካት፣ ጣፋጭ መውሰድና እስኪስተካከል መቀመጥ አለብኝ፤ ይህ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ለመለኪያው በሩ የሚዘጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለው ንጹሕ ቦታ እጠይቃለሁ፤ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫው ክፍል ይበቃኛል። መለኪያዬንና ጭማቂ በምሠራበት ቦታ አጠገቤ እንዳስቀምጥ ይፈቀድልኝ። ያገለገሉ መርፌዎችን በጠንካራ ዕቃ አድርጌ ይዤ እሄዳለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። ሌላ የሚሠራ መንገድ ካለም ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። መልሱን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

በደብዳቤው ውስጥ ሕመሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቋል። ስንት ዓመት እንደታመመች፣ ምን ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ሌላ ምን እንዳለባት አልተጻፈም፤ አሠሪው መወሰን ያለበት ስለ ደቂቃና ስለ ክፍል ነውና። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ይሏል። በእኛ አቆጣጠር ለምዶ «በ11 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው ለአለቃው ፈረቃው ካለቀ በኋላ እረፍት የጠየቀ ይመስለዋል።

«ማሽኑ ቁጥሩን በሰከንድ ያወጣ የለም እንዴ፣ 10 ደቂቃ ምን ያደርጋል?» የሚል አለቃ ይኖራል። ጊዜ የሚወስደው ማሽኑ አይደለም። ጓንት ይወልቃል፣ ወደ ክፍሉ ይኬዳል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፤ ጣት የሚወጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጣት ላይ የቀረ የብርቱካን ጭማቂ የስኳሩን ቁጥር በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ስኳሩን ራሱ ሊያወርደው ይችላል።

ብዙዎች ጽፈው የማያውቁት ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ያልታሰበውን ጊዜ ነው። ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን የተለመደው ሕክምና 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ መውሰድ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ተቆይቶ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ዝቅ ካለ ይደገማል። አንድ ዙር ብቻ 15 ደቂቃ ከፈጀ የተፈቀደው 10 ደቂቃ አይበቃም። ደብዳቤው ይህን ካልለየ፣ ሠራተኛዋ ገና ሳይሻላት «ጊዜሽ አልቋል» ትባላለች።

ስለ ቦታው፣ አሠሪው አዲስ ክፍል የመሥራት ግዴታ የለበትም። ከሚሠሩት አማራጮች መካከልም የመጨረሻው ምርጫ የእሱ ነው። ስለዚህ ያለውን ክፍል ለይቶ መጠቆም ይጠቅማል። መጸዳጃ ቤት ግቢ ከተባለች መቃወሚያዋ ቀላል ነው፤ ስትሪፕና መርፌ የሚቀመጥበት ንጹሕ ጠረጴዛ የለውም፣ ስትደክምም የምታርፍበት ወንበር የለም። ክንድ ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር የምትለካ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ቦታ ላይሆን ይችላል። ብዙ መጋዘን ስልክ ይዞ መግባት ይከለክላል፤ ሴንሰሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስጠነቅቀው በስልክ ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤው ስልኩን ለዚህ ጉዳይ ብቻ የመያዝ ፈቃድ ይጠይቅ። የሚሰማት ስሜትና የሴንሰሩ ቁጥር ካልተስማሙ ጣት መውጋት ስለማይቀር መለኪያውም አብሮ ይጠየቅ።

የሐኪሙ ወረቀት አጭር ቢሆን ይሻላል፤ የስኳር ሕመም እንዳለባትና በሥራ ሰዓት መለካት፣ መብላትና መድኃኒት መውሰድ እንደሚያስፈልጋት ከገለጸ ይበቃል። አሠሪው ይህን ያህል ማስረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የሕክምና ፋይሉን በሙሉ ግን አይችልም። ወረቀቱ ከሌላው የሠራተኛ ማኅደር ተለይቶ በምስጢር መያዝ አለበት። ሱፐርቫይዘሩ ሊነገረው የሚችለው የሚያስፈልገው ማስተካከያ ነው። «እሷ ለምን ትወጣለች?» ለሚል ባልደረባ የእሷን ሕመም መናገር ክልክል ነው።

የሕጉ ወሰንም መታወቅ አለበት። አሠሪው ጥያቄው ከባድ ችግር ወይም ወጪ የሚያስከትልበት መሆኑን ካሳየ እምቢ ሊል ይችላል፤ ለሁለት የ10 ደቂቃ እረፍት ግን ይህን ማሳየት ቀላል አይሆንለትም። በሰዓት ይህን ያህል ካርቶን የሚለውን መጠን የመቀነስ ግዴታም የለበትም። ስለዚህ እረፍቱ ሲፈቀድ ደቂቃዎቹ በሥራ ፍጥነቷ ላይ እንዴት እንደሚቆጠሩና እንደሚከፈልባቸው ወይም እንደማይከፈልባቸው አብራ ትጠይቅ፤ ካልጠየቀች ከወር በኋላ «ቀርፋፋ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊደርሳት ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ቁርጥ ያለ እምቢታ ሳይሆን ዝምታ ነው። ሕጉ በዚህን ያህል ቀን መልሱ ብሎ አልቆረጠም፤ ያለ ምክንያት ማጓተት ግን ራሱ ጥሰት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃ የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሳ ሁለተኛ ደብዳቤ በኢሜይል ትላክ፤ ቅጂውንም ከሥራ ቦታው ውጭ ታስቀምጥ። ከተከለከለች ወይም በመጠየቋ ሰዓት ከተቀነሰባት አቤቱታውን የሚቀበለው የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። የማመልከቻው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የግዛት ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ 300 ቀን ይሆናል። ከድርጅቱ ጋር እየተነጋገረች ብትሆንም ቆጠራው አይቆምም።