በመስጊድ መዝገብ ዝርዝር የኢትዮጵያንና የጎርጎርዮስን ቀን ለየዓምዱ ስለ ማስፈር

በየመስጊዱ የሚያዙት የኒካሕ፣ የፍችና የሞት መዝገቦች በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በውጭ አገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች የሚመጡ ሰነዶች ደግሞ የጎርጎርዮስን ቀን ይይዛሉ። ሁለቱን «ቀን» በሚል አንድ ዓምድ ሥር መደርደር ምን እንደሚያስከትል በአንድ የውርስ ጉዳይ እንመልከት።

የአንድ አባት ሞት በመስጊዱ መዝገብ «12/05/2012»፣ በውጭ አገር ያረፈው ልጁ ሞት ደግሞ በሰነዱ «14/03/2018» ተብሎ ሰፍሯል እንበል። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው አባት ከልጁ ስድስት ዓመት ቀድሞ እንደ ሞተ ይረዳል፤ ስለዚህም ልጁን የአባቱ ወራሽ ያደርገዋል፤ ድርሻውንም ለልጁ ልጆች ያስተላልፋል። የአባት ቀን ግን ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ላይ ይውላል። ልጁ የሞተው መጋቢት 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ስለ ሆነ የቀደመው እርሱ ነው። ወራሽ አውራሹ በሚሞትበት ጊዜ በሕይወት መኖሩ የውርስ ሸርጥ በመሆኑ ልጁ ከአባቱ አይወርስም፤ ይልቁንም አባት ከልጁ ይወርሳል። የአባትየው ሌላ ወንድ ልጅ በሕይወት ካለ የሟቹ ልጆች ከአያታቸው ውርስ ይጋረዳሉ። አንድ ያልተለየ ዓምድ የፈራኢዱን ስሌት በሙሉ ገለበጠው ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ቀኖች መለየትና መልካቸውንም የተለያየ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያው ዓምድ ወሩን በስሙ እንጽፋለን፤ በጎርጎርዮሱ ዓምድ ዓመት፣ ወርና ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል በአኃዝ እናሰፍራለን። በሦስተኛ ዓምድ ምንጩ የያዘው የትኛው እንደ ሆነ እናመለክታለን፤ የመዝገቡ ቃል ከእኛ ስሌት እንዳይደባለቅ የሚጠብቀው ይህ ነው።

| ዓ.ም. | እ.ኤ.አ. | በምንጩ ያለው |
|---|---|---|
| መጋቢት 5 ቀን 2010 | 2018-03-14 | እ.ኤ.አ. |
| ጳጉሜ 6 ቀን 2011 | 2019-09-11 | ዓ.ም. |
| ጥር 12 ቀን 2012 | 2020-01-21 | ዓ.ም. |
| 1998 | 2005/2006 | ዓ.ም. |

ዝርዝሩን በጊዜ ቅደም ተከተል ስንደረድር የምንጠቀመው በሁለተኛው ዓምድ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ምንጩ ዓመቱን ብቻ ስለ ሰጠ ስምንት ደምረን አንዱን ዓመት አልመረጥንም። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ማለፊያ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነውና ሁለቱንም ዓመታት መጻፍ ይገባል።

በኤክሴል የሚሠራ ሰው ከመጻፉ በፊት የኢትዮጵያውን ዓምድ ወደ ጽሑፍ ዓይነት መቀየር አለበት። ያለዚያ «12/05/2012» ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ ቀኑን የጎርጎርዮስ አድርጎ ይወስደዋል፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለም ዲሴምበር 5 ይለዋል። «30/02/2012»፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የማይገኝ ቀን ስለ ሆነ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ቀን ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ከታየ ይህ ስሕተት እንደ ደረሰ እንረዳለን።

ስሌቱን ለመሥራት ዓመቱን በA፣ የወሩን ቁጥር በB፣ ቀኑን በC ለየብቻ እናስገባለን፤ ከዚያም የሚከተለውን እንጽፋለን።

```
=DATE(A2+7,9,11+(MOD(A2,4)=0))+(B2-1)*30+C2-1
```

መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው። ያለፈው ጳጉሜ ስድስት ቀን በነበረበት ዓመት፣ ማለትም አዲሱ ዓመት ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል፣ ወደ 12 ያልፋል። የ2012 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነበር፤ እስከ ጥር 12 ድረስ 131 ቀን ሲጨመርበት ጃንዋሪ 21 ይሰጣል። ይህ ቀመር የሚያገለግለው ከ1893 ዓ.ም. ወዲህ ላሉ መዝገቦች ነው፤ ከዚያ በፊት ላሉት የሁለቱ አቆጣጠሮች ርቀት በአንድ ቀን ያንሳል።

በምንጩ የሂጅራ ቀን ካለ እንደ ተጻፈ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ እንጂ በስሌት አይታረም፤ ወሩ ጨረቃ በማየት ሊጀመር ስለሚችል ከስሌቱ በአንድ ቀን ቢለይ ስሕተት ነው አይባልም። ከመግሪብ በኋላ የተፈጸመ ጉዳይም በሂጅራ የማግሥቱ ቀን ስለሚሆን በአንድ ረድፍ የሚታየው የአንድ ቀን ልዩነት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ለማረጋገጫ የሚረዳን መዝገቡ የሚጠቅሰው የሳምንቱ ቀን ነው። ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። መዝገቡ ማክሰኞ ካለ ንባባችን ይጸናል፤ ሌላ ቀን ካለ ግን የመዝገቡን ቃል ሳንለውጥ ልዩነቱን በማስታወሻ ዓምድ እናሰፍራለን፤ ውርሱም ከመከፈሉ በፊት ምስክሮችን እንጠይቃለን።