ጎርፍ የገባበት ሱቅና ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ደብዳቤ

ክረምት ሲበረታ፣ ቆሻሻ የደፈነው ዲች ሞልቶ ወደ ሱቅ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ወለል ላይና የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ነው። ኢንሹራንስ ያለው ባለሱቅ ለኩባንያው ይደውላል፤ የአደጋ ሪፖርትም ያዘጋጃል። ሪፖርቱ የሚገባው ግን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ታጅቦ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን ደብዳቤ ለወግ ያህል በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፤ ሌላው የደረሰበትን መከራ ሁሉ ይዘረዝርበታል። ከደብዳቤው የሚጠበቀው አደጋው በጊዜው መነገሩን ማስመዝገብ፣ የትኛው ሰነድ እንደገባ ቆጥሮ ማስረከብና ገማች እንዲላክ መጠየቅ ነው።

አንድ የጨርቅ ሱቅ በምሳሌነት እንውሰድ። ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከባድ ዝናብ ጣለ። ባለሱቋ በማግሥቱ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ወለሉ ጭቃ ለብሷል፤ ግድግዳው ላይ ውሃው ቆሞበት የነበረው መስመር ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በታችኛው መደርደሪያ ያሉት 60 ጣቃ ጨርቆች ርሰዋል።

እስክሪብቶ ከማንሳቷ በፊት የመድን ውሏን ማውጣት አለባት። ብዙ ሱቆች የሚገቡት የእሳት አደጋ መድን ነው፤ ጎርፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት የሚካተት ሽፋን ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው እሳትና መብረቅ ብቻ ከሆነ ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር የጎርፍ ካሳ አያስገኝም። ጎርፍ ተካቶ ከሆነ ግን ጊዜው መቆጠር ጀምሯል ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአንቀጽ 670 መድን የገባው ሰው አደጋው መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ የዕቃው ቆጠራ እስኪያልቅ ብሎ ደብዳቤውን ማቆየት አይበጅም።

የባለሱቋ ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ… ኢንሹራንስ አክሲዮን ማኅበር፣ የካሳ ክፍል
ጉዳዩ፦ በጎርፍ የደረሰ የዕቃ ጉዳትን ስለማሳወቅ (የውል ቁጥር …)

ከላይ በተጠቀሰው ውል ሽፋን በተሰጠው የጨርቅ ሱቃችን ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የጎርፍ ውሃ ገብቶ 60 ጣቃ ጨርቅ ማርጠሱን ነሐሴ 7 ቀን ጠዋት ሱቁን ስንከፍት አውቀን በዕለቱ በስልክ አሳውቀናል። የጉዳቱ የመጀመሪያ ግምት በግዢ ዋጋ ብር 240,000 ሲሆን የመጨረሻው መጠን ዕቃው ተመርምሮ የሚወሰን ይሆናል።

የረጠበው ዕቃ ከደረቁ ተለይቶ በሱቁ ውስጥ ይገኛል። ጨርቁ ሻጋታ ሳይዘው ገማች ተልኮ እንዲያይልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባሪ፦ የአደጋ ሪፖርት 2 ገጽ፣ የተጎዱ ዕቃዎች ዝርዝር 3 ገጽ፣ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ 11 ገጽ፣ ፎቶግራፍ 14። የወረዳውን ማስረጃ እንደደረሰን እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ስልክ)

ደብዳቤው አጭር የሆነው ታሪኩ በሪፖርቱ ስላለ ነው። ሪፖርቱ ሲጻፍ ያዩትን ከገመቱት መለየት ያስፈልጋል። ባለሱቋ ውሃው ሲገባ አልነበረችም፤ ስለዚህ «ከምሽቱ አራት ሰዓት ገባ» ብላ በራሷ ስም ከመጻፍ፣ ጥበቃው በዚያ ሰዓት ከዲቹ ሞልቶ በመዝጊያው ሥር ሲገባ ማየቱን እንደነገራት ትጽፋለች። ውሃው የመጣበት መንገድ ከሁሉ በላይ የሚመረመር ነጥብ ነው። ከመንገድ የገባ ጎርፍ፣ ከፈነዳ ቧንቧ የፈሰሰ ውሃና በቀዳዳ ጣሪያ የወረደ ዝናብ በመድን ውል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከውጭ ለገባ ጎርፍ የግድግዳው የጭቃ መስመር ጥሩ ምስክር ነው፤ ሜትር አስደግፎ ፎቶ ማንሳትና ሳይታጠብ ማቆየት ይገባል። ሪፖርቱ «ጎርፍ» እያለ ደብዳቤው «በዝናብ መፍሰስ» ካለ፣ ወይም በደብዳቤው 60 ጣቃ ተብሎ በዝርዝሩ 58 ከሆነ፣ ገማቹ ሥራውን በጥያቄ ይጀምራል። እነዚህን ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀን፣ ብዛትና ምክንያት ማስተያየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንዱ ጣቃ የተገዛው በ4,000 ብር፣ የሚሸጠው በ5,000 ብር ነው እንበል። የዕቃ መድን የጠፋውን ንብረት ዋጋ የሚተካ እንጂ ሊገኝ የነበረውን ትርፍ የሚከፍል አይደለም፤ ለትርፍ የተለየ ሽፋን ካልተገዛ ስሌቱ በግዢ ዋጋ ነው። 60 ጣቃ በ4,000 ሲባዛ 240,000 ብር ይመጣል። ገማቹ ሲመረምር 20ው ጣቃ ታጥቦና ደርቆ እያንዳንዱ በ2,000 ብር ሊሸጥ እንደሚችል ካገኘ፣ ከቅሪቱ የሚገኘው 40,000 ብር ይቀነስና ጉዳቱ 200,000 ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከዚህ በኋላ ባለው ስሌት ነው። በአደጋው ቀን በሱቁ የነበረው ዕቃ በሙሉ 1,600,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ባለሱቋ መድን የገባችው ለ1,200,000 ብር ብቻ ከነበረ፣ የሸፈነችው ከአራት እጅ ሦስቱን ነው። ካሳውም በዚያው ልክ ተሰልቶ 150,000 ብር ይሆናል፤ ውሉ መድን ገቢው ራሱ እንዲሸከም የሚያደርገው ድርሻ ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የዕቃ ዋጋ ሲወደድ የመድን መጠኑን ያላሳደገ ነጋዴ ጉድለቱን የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው «የመጀመሪያ ግምት» ማለቱም ለዚሁ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ሲቀየር ባለሱቋ አጋንና የጻፈች አትመስልም።

የረጠበው ዕቃ የት እንዳለ በደብዳቤው መጻፉም ያለምክንያት አይደለም። ገማች ያላየውን፣ ተጥሎ ያለቀ ጨርቅ ማስረዳት ከባድ ነው። በሌላ በኩል መድን ገቢው ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን ማድረግ ይጠበቅበታል፤ በጭቃ ውሃ የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በሁለት ሦስት ቀን ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ ደረቁን ማራቅ፣ የረጠበውን ዘርግቶ ማናፈስ፣ አንዱንም አለመጣል ነው። ገማቹ ከዘገየና ዕቃው መሽተት ከጀመረ፣ በዚህ ቀን እናነሳዋለን ብሎ ለኩባንያው አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጣቃ መለያው እንዲታይ ፎቶ አንስቶ ከየዓይነቱ ቁራጭ ናሙና ማስቀረት ይገባል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱ መዝገብ ቤት ሲገባ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበታል። በኢሜይልም በስልክም የተነገረ ቢሆን ይህ ቅጂ አይቅር፤ ኋላ «በጊዜው አላሳወቃችሁም» የሚል ክርክር ቢነሳ የሚቀርበው እሱ ነው። ከመድን ውል የሚነሳ የገንዘብ ጥያቄ በሕጉ በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ፣ ኩባንያው «እየታየ ነው» እያለ ወራት ቢነጉዱ ባለሱቋ የምትቆጥረው ማኅተም የተመታበትን ሳይሆን አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው።