“12/03 በ3:00 ሰዓት” መቼ ነው? የክሊኒክ መልእክትን ወደ መድኃኒትና ቀጠሮ ሰሌዳ መለወጥ

ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ ወይም በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች ለሕክምና ወደ አሰላ የሚመጣ ሰው የመድኃኒቱን አወሳሰድና የሚመለስበትን ቀን በአጭር የስልክ መልእክት ሊቀበል ይችላል። መልእክቱ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ሲሆን አብዛኛው ስልክ የሚቆጥረው ግን በአውሮፓውያን ነው። ቁጥሮቹ እንዳሉ ወደ ስልኩ ማስታወሻ ከተገለበጡ ሰዓቱ በስድስት ሰዓት፣ ቀጠሮው ደግሞ በወራት ሊዛባ ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ መልእክቱን በስክሪንሾት ማስቀረት ነው። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ በአንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ምስሉ መልእክቱ የተላከበትን ቀን ጭምር ማሳየት አለበት። “ነገ ጠዋት” የሚል መልእክት ከሳምንት በኋላ በምስል ብቻ ሲታይ የትኛው “ነገ” እንደሆነ አይታወቅምና። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ አካባቢ መልእክት ዘግይቶ ሊገባ ስለሚችል፣ እንዲህ ዓይነት ቃል ሲያጋጥም ክሊኒኩን ደውሎ መጠየቅ ይገባል። ምስሉ እንዲነበብ ለሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ የታካሚው ስምና ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ቢቆረጥ ይመረጣል።

ለምሳሌ ያህል ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም ከሰዓት በኋላ የተላከ አንድ መልእክት እንዲህ ይላል እንበል፦

“አሞክሲሲሊን 500 ሚ.ግ 1 ፍሬ በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን። ቀጠሮ ዓርብ 12/03 በ3:00 ሰዓት።”

ስልኩ “12/03”ን ማርች 12 ብሎ ሊያነበው ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ሦስተኛው ወር ኅዳር ስለሆነ ቀጠሮው ኅዳር 12 ነው፤ ይህም በስልኩ ላይ ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ይሆናል። ማረጋገጫው የሳምንቱ ቀን ነው። ቀኑና ወሩ ቢለያይም ዓርብ በሁለቱም አቆጣጠር ዓርብ ነው። ኖቬምበር 21 ዓርብ ላይ ይውላል፤ ቀጣዩ ማርች 12 ግን ሐሙስ ነው። መልእክቱ የሳምንቱን ቀን ካልጠቀሰ ታካሚው ከክሊኒኩ ጠይቆ በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ከስሕተት ይድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓቱ ነው። ስልኩን ሆን ብለው በሀገርኛ ሰዓት የሞሉ ሰዎች ስላሉ አስቀድሞ ንጋት ላይ ማየት ይጠቅማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ስልኩ 12 አካባቢ ካሳየ በሀገርኛ፣ 6 አካባቢ ካሳየ በአውሮፓውያን የተሞላ ነው። በአውሮፓውያን በተሞላ ስልክ የጠዋቱ 3:00 ሰዓት ቀጠሮ 9:00 ተብሎ ይመዘገባል። 3:00 ተብሎ ቢሞላ ደወሉ የሚጮኸው ሌሊት 9 ሰዓት አለበለዚያም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

በየ8 ሰዓቱ የሚወሰደው መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ይሆናል። ሰሌዳው በወረቀት ላይ እንዲህ ይሰመራል፦

ጠዋት 12 ሰዓት — በስልኩ 6:00
ከቀኑ 8 ሰዓት — በስልኩ 14:00
ምሽት 4 ሰዓት — በስልኩ 22:00

በየዕለቱ ሦስት ፍሬ ለሰባት ቀን 21 ፍሬ ስለሚሆን በወረቀቱ ላይ 21 ሣጥን ይሰመራል፤ አንድ ፍሬ በተዋጠ ቁጥር አንድ ሣጥን ይሰረዛል። ሣጥኑ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ታካሚው የመጀመሪያውን ፍሬ ኅዳር 5 ምሽት 4 ሰዓት ላይ ከዋጠ እስከ ኅዳር 11 ምሽት ድረስ 19 ፍሬ ይወስዳል። የቀሩት ሁለቱ የሚወሰዱት ኅዳር 12 ጠዋትና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰባት ቀን በጣቱ ቆጥሮ ኅዳር 11 ላይ የሚያቆም ሰው መድኃኒቱን ሳይጨርስ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ቀጠሮው ጠዋት ስለሆነ የመጨረሻዋን ፍሬ ይዞ መጓዝ እንዳለበት ሰሌዳው ያሳየዋል።

ለቀጠሮው ሁለት ደወል ይሞላል፦ አንዱ በዋዜማው ምሽት ለጉዞ ዝግጅት፣ ሌላው በዕለቱ ከቤት ለመውጫ ሰዓት። ደወሉ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ባትሪ ካለቀ ግን አይጮኽም። ስለዚህ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መድኃኒቱ ሲያልቅ የየዕለቱ ደወል ይጥፋ።

ሰሌዳው የማይፈታው ጉዳይም አለ። በመልእክቱ የሰፈረው መጠንና ፋርማሲው በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የጻፈው የማይመሳሰሉ ከሆነ ታካሚው ሁለቱንም ለፋርማሲ ባለሙያው አሳይቶ መጠየቅ አለበት። አንድ ሣጥን ሳይሰረዝ ካለፈም በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ መዋጥ አይገባም።