ዘጠነኛው ቤትና ጁፒተር

ኮከብ ቆጣሪዎች ከፍተኛ ትምህርትን፣ እምነትንና ሩቅ መንገድን የሚያዩት በዘጠነኛው ቤት ነው። የጥንት ግሪኮች «የአምላክ ቤት» ይሉት ነበር።

አንዲት ሴት ስትወለድ በምሥራቅ የወጣው ሸርጣን ነው እንበል። ሸርጣንን አንድ ብለን ስንቆጥር ዘጠነኛው ሑት ይሆናል፤ ጌታው ጁፒተር ነው። አሁን ጁፒተር የት ነው ያለው? ጀዲ ላይ ከሆነ፣ በሰባተኛው በትዳር ቤት ተቀምጧል። ቆጣሪው «ውጭ አገር የምትማረው በትዳር ሰበብ ነው» ይላል። ግን ጀዲ ለጁፒተር የውድቀት ቦታ ስለሆነ፣ የተባለው ሁሉ አይሞላም ብሎ ያስጠነቅቃል።

ጁፒተር በአንድ ኮከብ ላይ ዓመት ያህል ስለሚቆይ የዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ ይጋሩታል። የሚለያቸው የልደት ሰዓት ነው፤ በምሥራቅ የሚወጣው ኮከብ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራልና። እኛ ዘንድ ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እናት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያለችው በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ነው። በስልክ መተግበሪያው ላይ 3 ተብሎ ከገባ፣ በሸርጣን ፈንታ ሐመል ይወጣል፤ ጁፒተርም ከትዳር ቤት ወደ ሥራ ቤት ይዛወራል። ትንቢቱም አብሮ ይለወጣል። ሳይንስ እንደሆነ ሁለቱንም አይቀበልም።