የልጆች የትል መድኃኒት፦ ስንት፣ በየስንት ጊዜ፣ ለማን አይሰጥም?

በትምህርት ቤቱ ግቢ ልጆች ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ፊት ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ረጅም እንጨት አለ፤ እንጨቱ ላይ አግድም መስመሮች ተሰምረው በየመስመሩ መካከል 1፣ 1½፣ 2፣ 2½ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ቁጥር ተጽፎበታል። ተራው የደረሰ ልጅ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለእንጨቱ ሰጥቶ ይቆማል። መምህሩ የልጁ አናት ያረፈበትን ቁጥር ይጠራል፤ ከጎኑ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ያንኑ ያህል ኪኒን ቆጥራ ትሰጣለች። ሚዛን የለም፣ ስሌት የለም።

ልጁ ግን በዚያው ቀን ሌላ ኪኒንም ሊሰጠው ይችላል፤ ለዚያኛው ቁመቱን የሚለካ የለም። ወላጆችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። አንዱ ልጅ አንድ ኪኒን ውጦ ይመለሳል፣ ወንድሙ ሦስት፤ ጎረቤት ደግሞ «ለልጄ ግማሽ ነው የሰጡት» ትላለች። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም «የትል መድኃኒት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ኪኒኖች የተለያዩ ናቸው።

ቁመት የማይለካበት ኪኒን አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ይባላል። ሁለቱም ለወስፋት፣ ለመንጠቆ ትልና ለጅራፍ ትል የሚሰጡ ናቸው። የአልቤንዳዞል መጠን 400 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የ4 ዓመት ልጅም የ12 ዓመት ልጅም የሚወስዱት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሆነና ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ የልጁ ክብደት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ልዩነት ያለው ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ነው፤ ለእነሱ ግማሹ፣ 200 ሚሊግራም ይበቃል። ሜቤንዳዞል ከሆነ ደግሞ ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ሁሉ 500 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል።

በእንጨቱ የሚለካው ፕራዚኳንቴል ነው፤ የብልሃርዚያ መድኃኒት። የብልሃርዚያ ትል የሚኖረው በአንጀትና በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በበቂ መጠን መገኘት አለበት። ስለዚህም ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሚሊግራም ተብሎ ይሰላል። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሚዛን ስለማይገኝ ቁመት ክብደትን ተክቶ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መለኪያ ከ94 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ባለ 600 ሚሊግራሙን ኪኒን አንድ፣ እስከ 125 የደረሰ አንድ ተኩል፣ እስከ 138 የደረሰ ሁለት ይወስዳል፤ ከዚያ በላይም እንዲሁ እየጨመረ ይሄዳል።

በጣና ዳር የምትኖር የሦስት ልጆች እናት አለች እንበል። ጣና እንደ ዝዋይና እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ሁሉ ብልሃርዚያ ያለበት ውኃ ነው። ትልቁ ልጇ 9 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 127 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 26 ኪሎ። በትምህርት ቤት አንድ አልቤንዳዞልና ሁለት ፕራዚኳንቴል ይሰጠዋል። ሁለቱ ፕራዚኳንቴል 1200 ሚሊግራም ነው፤ ለ26 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 46 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። ከ40 ትንሽ ከፍ ቢልም ጉዳት በሌለው ወሰን ውስጥ ነው። የ4 ዓመቷ ልጅ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቫይታሚን ኤ በሚሰጥበት የጤና ዘመቻ ላይ አንድ አልቤንዳዞል ታገኛለች። ሰገራዋ ላይ ደም ከታየ ግን እናቷ የትምህርት ቤቱን ዘመቻ መጠበቅ የለባትም፤ ጤና ጣቢያ ወስዳ ማስመርመር አለባት። የ14 ወሩ ሕፃን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ የሚሰጠው ግማሽ አልቤንዳዞል ነው፤ ያውም ተፈጭቶ።

«ተፈጭቶ» የሚለው ቃል ዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ በተካሄደ ዘመቻ ላይ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ አራት ሕፃናት ትልልቅ የአልቤንዳዞል ኪኒን ጉሮሯቸው ላይ ተቀርቅሮ ሕይወታቸው አልፏል። መድኃኒቱ አልመረዛቸውም፤ የገደላቸው መታነቁ ነው። ከትል መድኃኒት ጋር በተያያዘ በትንንሽ ልጆች ላይ ሊደርስ ከሚችለው አደጋ ሁሉ ከባዱ ይኸው ሲሆን ሙሉ በሙሉ ማስቀረትም ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኪኒኑ ንጹሕ ማንኪያ ላይ ይቀመጥና በሌላ ማንኪያ ጀርባ ተጭኖ እስኪደቅ ይፈጫል። ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ተደርጎበት ይበጠበጥና ሕፃኑ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አኝኮ በውኃ እንዲያወርደው ይደረጋል። ልጁ እያለቀሰ፣ እየታገለ ወይም ተንጋሎ ሳለ መስጠት፣ ይልቁንም አፍንጫውን ይዞ አፉን ማስከፈት ፈጽሞ አይገባም። አልቅሶ እስኪበቃው መጠበቅ ይሻላል፤ እንቢ ካለም ሌላ ቀን ይሞከራል። ለአንድ ኪኒን ሲባል ልጅን አደጋ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም።

ሌላው የቤት ጥያቄ «በባዶ ሆድ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ኮሶ ሲጠጡ ማደግ የለመዱ ሰዎች የትል መድኃኒት ሁሉ ጾመው የሚወስዱት ይመስላቸዋል። ለአንጀት ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል ጾም አያስፈልገውም። ፕራዚኳንቴል ደግሞ ጭራሽ ተበልቶ ነው መወሰድ ያለበት። በባዶ ሆድ የወሰዱት ልጆች ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያጥወለውላቸዋል፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ያዞራቸዋል። አንዱ ልጅ ሲያስታውክ ሌላው ይፈራል፤ ወሬው ሰፈር ይደርስና ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ይሮጣሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ አብልቶ መላክ ይህን ሁሉ ያስቀራል ማለት ይቻላል። በትል የተጠቃ ልጅ ከወሰደ በኋላ ቀለል ያለ የሆድ ቁርጠት ሊሰማው፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ሰገራው ላይ ወስፋት ሊታይ ይችላል። አልቤንዳዞል ትሉን የሚያዳክመው ምግብ እንዳያገኝ በማድረግ ነው፤ ስለዚህ ትሉ ወዲያው ባይወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ታዲያ ትሉ ከወጣ ለምን በስድስት ወር ወይም በዓመቱ እንደገና ይሰጣል? መልሱ ያለው ልጁ በሚጫወትበት አፈር ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል፤ ምቹ ቦታ ካገኘም ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል። ልጁ ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ሲውጠው እጩ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና በደም ተጉዞ በጉበት በኩል ሳንባ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተውጦ አንጀት ሲገባ ያድጋል። ከመዋጥ እስከ ማደግ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል።

አንድ ቀን የተወሰደ ኪኒን የሚገድለው በዚያን ጊዜ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው። በጉዞ ላይ ያለውን እጭ አይጨርሰውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከሰውነት ይወጣል እንጂ እንደ ክትባት ሆኖ አይጠብቅም። አፈሩ ካልጸዳ ልጁ እንደገና መያዙ አይቀርም። ዓላማውም ትሉ በዝቶ ደሙን እስኪያሳንሰውና ዕድገቱን እስኪያቀጭጨው ሳይደርስ እየቀነሱ መቆየት ነው። ስለዚህ የድግግሞሹ ልክ የሚወሰነው በአካባቢው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ ልጆች 20 እና ከዚያ በላይ የአንጀት ትል በሚገኝባቸው አካባቢዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ50 በላይ በሚገኝባቸው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ሆዱን ባመመው ቁጥር በየወሩ ከፋርማሲ እየገዙ መስጠት ግን ጥቅም የለውም። ሕመሙ የጃርዲያ ወይም የአሜባ ከሆነ ነጠላ የአልቤንዳዞል ኪኒን አያድነውም፤ የሰገራ ምርመራና ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል።

መድኃኒቱን መውሰድ የሌለባቸው ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም ቀኑ ይተላለፍላቸዋል እንጂ እስከ መጨረሻው አይከለከሉም። ዕድሜው 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በዘመቻ አይሰጠውም። ትኩሳት ያለበት ወይም በጠና የታመመ ልጅ እስኪሻለው ይቆያል፤ ያለበለዚያ ሕመሙ ሲብስ በመድኃኒቱ ይሳበባል፣ ዋናው በሽታም ሳይታከም ይቀራል። ቀደም ሲል ይኸው መድኃኒት ሰውነቱን ያሳበጠው ወይም ትንፋሽ ያሳጠረው ልጅ መልሶ አይወስድም። በከፍተኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶች የመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ ከሆኑ አልቤንዳዞልም ሜቤንዳዞልም አይሰጣቸውም። ይህ ጥያቄ በሰልፍ መሃል ጮክ ተብሎ የሚጠየቅ አይደለም፤ አንዲት ሴት መምህርት ወይም የጤና ሠራተኛ ለብቻ ወስዳ ብታነጋግራቸው ነው እውነቱ የሚገኘው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንዳንድ ልጆች መንቀጥቀጥ ምንጩ አንጎል ውስጥ የተቀመጠ የትል እጭ ሊሆን ይችላል። ፕራዚኳንቴል፣ አንዳንዴም አልቤንዳዞል፣ ያን እጭ ሲገድለው ዙሪያው ይቆጣና መንቀጥቀጡ ይቀሰቀሳል። እንዲህ ያለ ልጅ በሐኪም ክትትል ይታከማል እንጂ በሰልፍ አይሰጠውም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንደ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉት፣ እንዲሁም የቲቢው ሪፋምፒሲን የፕራዚኳንቴልን ኃይል ያዳክማሉ፤ በተለይ ከሪፋምፒሲን ጋር አብሮ አይወሰድም። ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ስም መምህሩ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ከዘመቻው ቀን በፊት መንገር የወላጅ ድርሻ ነው። በቅርቡ በቤት የትል መድኃኒት የወሰደ ልጅ ካለም እንዲሁ ይነገር።

ሆዱ የተነፋ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ ሰገራና ፈስ ያቆመ ልጅ ግን በቤት ምንም ዓይነት የትል ኪኒን አይሰጠው። በብዛት የተጠቀለለ ወስፋት አንጀቱን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።