የገና ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት፦ «ለ3 ቀን» ማለት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

በዓል በቀረበ ቁጥር ስለ ዳታ ጥቅል የሚመጡ መልእክቶችን ስክሪንሾት አንስታችሁ «ይሄ ያዋጣል?» እያላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዱን መልእክት ከላይ እስከ ታች አብረን እናንብበው። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የማንም ድርጅት ዋጋ አይደለም። አጻጻፉ ግን ከምታውቋቸው የበዓል መልእክቶች ጋር ይመሳሰላል፦

«መልካም የገና በዓል! 4 ጊጋ + 2 ጊጋ ስጦታ በ120 ብር ለ3 ቀን። ስጦታው ከ00:00 እስከ 06:00 ያገለግላል። ከታህሳስ 27 እስከ 30። ቅድመ ሁኔታዎች አሉት።»

ብዙ ሰው መጀመሪያ 4 እና 2ን ይደምርና 120ን ለ6 ያካፍላል። አንዱ ጊጋ 20 ብር ሆነ፣ ርካሽ ነው ብሎ ይገዛል። እኔ ስጦታውን መጀመሪያ አልቆጥረውም። 120ን ለ4 አካፍሉት፤ አንዱ ጊጋ 30 ብር ነው። ሁልጊዜ ከምትገዙት ጥቅል ጋር የምታወዳድሩት ይህንን 30 ብር ነው። በ30 ብርም ካዋጣ ግዙት። የሚያዋጣው በ20 ብር ብቻ ከሆነ ግን ስጦታውን በእርግጥ ትጠቀሙበት እንደሆነ ማየት አለባችሁ፤ ለዚያ ደግሞ ሰዓቱን እንመልከት።

00:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ 06:00 ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት። ይህን ደግሜ የምናገረው 06:00 ሲባል «6 ሰዓት» ብለው የሚያነቡ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ስላሉ ነው። እነሱ ስጦታው እስከ ሌሊቱ 6 የሚሠራ መስሏቸው ማታ 3 ሰዓት ላይ ቪዲዮ ይከፍታሉ። ስጦታው በዚያ ሰዓት ገና አልተከፈተም፤ የሚቆረጠው ከዋናው 4 ጊጋ ነው።

ቀጥሎ «ለ3 ቀን» የሚለው። ይህ በሁለት መንገድ ሊቆጠር ይችላል፤ መልእክቱ ካልነገራችሁ መጠየቅ ያለባችሁም ይህንኑ ነው። አንደኛው 72 ሰዓት ነው፦ ታህሳስ 27 ጠዋት 4 ሰዓት ከገዛችሁ ታህሳስ 30 ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ቀን ነው። በዚህኛው 27፣ 28 እና 29 ሦስት ቀን ተብለው ይቆጠሩና የገና ዕለት ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ ጥቅሉ ይዘጋል። ጠዋት 4 ሰዓት የገዛ ሰው በዚህ አቆጣጠር የሚያገኘው 62 ሰዓት ነው። ያው ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ቢገዛ ደግሞ 51 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል፤ ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ተጠቅሞ ሙሉ ቀን ተቆጠረበት ማለት ነው። ስለዚህ አቆጣጠሩ በቀን መቁጠሪያ ከሆነ ማታ አትግዙ። እስኪነጋ ጠብቁ።

አሁን ወደ ስጦታው እንመለስ። በቀን መቁጠሪያ ሲቆጠር ስጦታው የሚሠራባቸው ሌሊቶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ለ28 አጥቢያ እና ለ29 አጥቢያ። ሦስተኛው ሌሊት ሲጀምር ጥቅሉ ተዘግቷል። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የገና ዋዜማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያድር ሰው ስልኩን ዘግቶ በማሕሌትና በቅዳሴ ላይ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው 2 ጊጋ ስጦታ የተባለው በተግባር የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ እሱንም ከሌሊቱ 6 በኋላ ነቅቶ ካገኘው። ሌሊት የሚሠራ ዘበኛ፣ ተረኛ ነርስ፣ ፊልም አውርዶ ቀን የሚያይ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ስጦታው ሙሉ ዋጋ አለው፤ ለእናንተ አንዱ ጊጋ በእርግጥም 20 ብር ነው። ጥቅሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለማን እንደሚሆን ለይታችሁ እንድትገዙ ነው።

«ከታህሳስ 27 እስከ 30» የሚለውንም አስተውሉት። ይህ መግዛት የሚቻልበት ጊዜ ነው ወይስ መጠቀም የሚቻልበት? የመግዣ ጊዜ ከሆነ በ30 የገዛ ሰው ሦስት ቀኑን ሙሉ ያገኛል። የመጠቀሚያ ጊዜ ከሆነ ግን በ30 ከሰዓት የገዛ ሰው ያለው እስከዚያው ሌሊት ነው። መልስ ካላገኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መግዛት ነው የሚሻለው፤ ያኔ በሁለቱም ትርጉም አትጎዱም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርረው ግን ከጥቅሉ በኋላ በሚሆነው ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ወይም ጊዜው ሲያበቃ ዳታ ክፍት ከሆነ ስልኩ ዝም ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ያኔ የሚቆረጠው ለመደወያ ከሞላችሁት ዋና ሂሳብ ነው፤ ዋጋውም የጥቅል ሳይሆን መደበኛው የሜጋባይት ዋጋ ነው። በዓል ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። የቴሌግራም ግሩፖች በእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ ይሞላሉ፤ እናንተ ባትከፍቷቸውም ስልኩ ራሱ ያወርዳቸዋል። ይህን ለማቆም በቴሌግራም Settings ገብታችሁ Data and Storage የሚለውን ክፈቱ፤ ከዚያ When using mobile data የሚለውን አጥፉት። ፎቶና ቪዲዮ እናንተ ስትነኩት ብቻ ይወርዳል።

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት *804# ደውላችሁ ዋና ሂሳባችሁን ጻፉት። ጥቅሉን ከገዛችሁ በኋላ እንደገና ደውሉ። ከዋና ሂሳብ ገዝታችሁ ከሆነ 120 ብር ብቻ መቀነስ አለበት፤ በቴሌብር ከገዛችሁ ደግሞ ዋና ሂሳቡ እንደነበረ መሆን አለበት። ከዚያ ትንሽ ተጠቅማችሁ ሦስተኛ ጊዜ እዩት። ከበፊት የተረፈ ጥቅል ያላችሁ ሰዎች በተለይ ይህን አትዝለሉት፤ የቱ አስቀድሞ እየተቆረጠ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። የወር ጥቅላችሁ እየቀነሰ የበዓሉ ጥቅል ካልተነካ፣ የሦስት ቀኑ ሳትጠቀሙበት ሊያልፍባችሁ ነው፤ ወዲያው ለደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ ጠይቁ። የጥቅሉ ማረጋገጫ መልእክት ሲመጣም አታጥፉት። የሚያበቃበት ቀንና ሰዓት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ቅሬታ ቢኖራችሁም መነሻችሁ እሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ለእናትና ለአባት በስጦታ ስለ መላክ ጠይቃችሁኛል። እንዲህ ያለ ጥቅል መቆጠር የሚጀምረው እናንተ ስትልኩት እንጂ እማማ ዳታ ሲከፍቱ አይደለም። ውጭ አገር ካሉት ልጆች ጋር በቪዲዮ የሚገናኙት የበዓሉ ዕለት ከሰዓት ከሆነ፣ በ27 አትላኩ፤ እስከዚያ ሁለት ቀን በከንቱ ያልፋል፤ የገና ዕለት ጠዋት ላኩላቸው። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ እንደ ጥራቱ ከ300 ሜጋ እስከ 1 ጊጋ ገደማ ስለሚወስድ 4 ጊጋው ለዚያ ቀን ይበቃል። ጥሪው ሲያልቅ ዳታውን እንዲዘጋ አብሯቸው ላለ ልጅ ንገሩት፤ ለመደወያ የሞላችሁላቸው ካርድ የሚተርፈው ያኔ ነው።