887 ያመጡት ሦስት ተማሪዎች ስንተኛ ይውጡ?

ወላጅ የልጁን ካርድ ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ ነው። ያንን ቁጥር ድሮ የክፍል ኃላፊው መምህር ሮስተሩን በእጁ እየደመረ ያወጣው ነበር፤ አሁን በብዙ ትምህርት ቤት ሥራው ለኤክሴል ተሰጥቷል። ውጤቶቹ ሁሉ የተለያዩ ሲሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለትና ሦስት ተማሪዎች እኩል ሲመጡ ግን ኮምፒውተሩ የሚያደርገውና ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ሊለያዩ ይችላሉ።

ነገሩን ስድስት ተማሪዎች ባሉበት ትንሽ ሮስተር እንየው። ስማቸው በፊደል ተራ ተጽፏል፤ ድምሩ ከ1000፣ ሒሳቡ ከ100 ነው። የመጀመሪያዋ ተማሪ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ስም በ`A`፣ ድምር በ`B`፣ ሒሳብ በ`C` አምድ ተቀምጠዋል።

| ስም | ድምር | ሒሳብ |
|---|---|---|
| ሄለን | 861 | 88 |
| ሜሮን | 887 | 84 |
| ሳራ | 912 | 90 |
| ቢንያም | 840 | 79 |
| አቤል | 887 | 84 |
| ዮናስ | 887 | 93 |

ደረጃ ለማውጣት በ`D2` ሴል ላይ ይህ ይጻፋል፤ ከዚያ እስከ ታች ይጎተታል፦

```
=RANK(B2,$B$2:$B$7)
```

ቀመሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የማንን ውጤት ልመዝን፣ ከእነማን ጋር ላወዳድር። ሌላ ነገር ካልተነገረው ትልቁን ቁጥር 1ኛ ያደርጋል። እንደ ሩጫ ሰዓት ትንሹ ቁጥር የሚበልጥበት ጉዳይ ከሆነ መጨረሻ ላይ ኮማና 1 ይጨመርለታል።

የዶላር ምልክቶቹን መርሳት ብዙ ሮስተር አበላሽቷል። ያለ እነሱ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት የማወዳደሪያው ክልል አብሮ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱና ከበታቹ ከተጻፉት ጋር ብቻ ይወዳደራል። በእኛ ሮስተር አቤል የሚወዳደረው ከዮናስ ጋር ብቻ ስለሚሆን 1ኛ ይወጣል፤ ዮናስም ብቻውን ቀርቶ 1ኛ ይሆናል። በእውነት 1ኛ የሆነችው ሳራ ስትታከል ሦስት አንደኛ ይመጣል፤ ከሁሉም ያነሰው ቢንያም ደግሞ 3ኛ ይሆናል። ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ አንደኞች ከበዙ መጀመሪያ የሚመረመረው ይሄው ነው።

ቀመሩ በትክክል ሲጻፍ ሳራ 1ኛ ትሆናለች። ሜሮን፣ አቤልና ዮናስ ሦስቱም 2ኛ ይወጣሉ። ሄለን 5ኛ፣ ቢንያም 6ኛ ነው። "3ኛና 4ኛ የት ሄዱ?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ኤክሴል ለአንድ ተማሪ ደረጃ ሲሰጥ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደበለጠው ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ይጨምራል። ሄለንን አራት ተማሪዎች ስለበለጧት 5ኛ ናት። ሄለን 3ኛ መባል አለባት የሚል ትምህርት ቤት ካለ እሱም ራሱን የቻለ አሠራር ነው፤ `RANK` ግን በራሱ እንዲያ አይቆጥርም።

ከ2010 ዓ.ም. የአውሮፓውያን ቆጣጠር ወዲህ ባሉት የኤክሴል ቅጂዎች ሁለት ተመሳሳይ ቀመሮች አሉ። `RANK.EQ` ከነባሩ ጋር አንድ ነው። `RANK.AVG` ግን እኩል የመጡት የያዟቸውን ቦታዎች አማካይ ይሰጣል፤ የእኛዎቹ ሦስቱ 2ኛን፣ 3ኛንና 4ኛን ስለያዙ ሁሉም 3 ይባላሉ። እኩል የመጡት ሁለት ብቻ ቢሆኑ 2.5 ይመጣ ነበር። ይህ ለጥናት ስሌት ይጠቅማል፤ ካርድ ላይ ግን "2.5ኛ" ተብሎ አይጻፍም።

ሽልማቱ ለሦስት ተማሪዎች ብቻ ከሆነ እኩልነቱን መለየት ግድ ይላል። እዚህ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አንድ አቋራጭ አለ፦

```
=RANK(B2,$B$2:$B$7)+COUNTIF($B$2:B2,B2)-1
```

ይህ ቀመር ተመሳሳይ ውጤት ከላይ ስንት ጊዜ እንደታየ ቆጥሮ ደረጃውን ወደ ታች ይገፋል። ሜሮን 2ኛ፣ አቤል 3ኛ፣ ዮናስ 4ኛ ይሆናሉ፤ የተደገመ ደረጃ ስለሌለ ሮስተሩ ያምራል። ዳኛው ግን የስም ተራ ነው። ዮናስ ሽልማቱን ያጣው ስሙ በ"የ" ስለሚጀምር ብቻ ነው፤ አባቱ መጥቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ መምህሩ የሚመልሰው የለውም።

ሊመለስ የሚችል ምክንያት የሚገኘው ከሁለተኛ አምድ ነው። ትምህርት ቤቱ "ድምር እኩል ሲሆን በሒሳብ የበለጠ ይቀድማል" ብሎ ከወሰነ ቀመሩ ይህን ይመስላል፦

```
=RANK(B2,$B$2:$B$7)
 +COUNTIFS($B$2:$B$7,B2,$C$2:$C$7,">"&C2)
```

የመጀመሪያው መስመር እንደ ቀድሞው በድምር ደረጃ ያወጣል። ሁለተኛው መስመር ከዚህ ተማሪ ጋር እኩል ድምር ካላቸው መካከል ስንቶቹ በሒሳብ እንደበለጡት ይቆጥራል፤ ያንን ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ዮናስን ማንም ስላልበለጠው 2ኛ ላይ ይቆያል። ሜሮንንና አቤልን አንድ ሰው፣ ዮናስ፣ ስለበለጣቸው ሁለቱም 3ኛ ይሆናሉ። ሳራና ሌሎቹ እኩያ ስለሌላቸው ደረጃቸው አይነካም።

አንዳንዱ መምህር ይህን ከመጻፍ ይልቅ ሒሳቡን ለ1000 አካፍሎ ዋናው ውጤት ላይ ይደምርና የተገኘውን ያወዳድራል። ድምሩ ሙሉ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ይሠራል፤ 887 ከ93 ጋር 887.093 ይሆናል። በአማካይ ሲሠራ ግን ያሳስታል። አማካዩ 88.7፣ ሒሳቡ 93 የሆነ ተማሪ 88.793 ይሆናል። አማካዩ 88.75፣ ሒሳቡ 40 የሆነው ደግሞ 88.79 ይሆናል። በአማካይ የበለጠው ወደ ኋላ ቀረ፤ መለያ ብቻ መሆን የነበረበት ሒሳብ ዋናውን ውጤት ገለበጠ ማለት ነው። የ`COUNTIFS` መንገድ እዚህ ስህተት ውስጥ አይገባም፤ እኩል ያልሆኑትን አይነካምና።

አማካይ ሌላም ጣጣ አለው። ኤክሴል አንድ አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ከታዘዘ 88.66ም 88.74ም ካርዱ ላይ 88.7 ሆነው ይታያሉ፤ ደረጃ የሚወጣው ግን በተደበቀው ቁጥር ነው። ሁለት ወላጆች ካርድ ሲያስተያዩ አንድ ዓይነት አማካይና የተለያየ ደረጃ ያያሉ። ወይ ሁለት አሃዝ ማሳየት፣ ወይ አማካዩን በ`ROUND` አጠጋግቶ ደረጃውን ከዚያ ማውጣት ነው። ሁለተኛው መንገድ ያልነበረ እኩልነት ስለሚፈጥር የሚመረጠው ታስቦበት ነው።

ፈተና ያመለጠው ተማሪ ድምር ባዶ ከሆነ ቀመሩ `#N/A` ያሳያል፤ 0 ከተጻፈለት ግን እንደተፈተነ ተቆጥሮ መጨረሻ ይወጣል። እንደ ጽሑፍ የገባ ቁጥርም በውድድሩ ውስጥ አይቆጠርም፤ አሰላለፉ ካልተቀየረ በስተቀር ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ሴሉ ግራ ስለሚጠጋ ይታወቃል።

ሜሮንና አቤል አሁንም 3ኛ ላይ እኩል ናቸው። ሦስተኛ አምድ፣ እንግሊዝኛ ለምሳሌ፣ በዚያው መንገድ መጨመር ይቻላል፦

```
 +COUNTIFS($B$2:$B$7,B2,$C$2:$C$7,C2,$E$2:$E$7,">"&E2)
```

እዚህ `E` የእንግሊዝኛው አምድ ነው። ሁለቱን እኩል 3ኛ አድርጎ ሁለት ሽልማት መስጠትም ያስኬዳል። የትኛው እንደሚሆን መወሰን ያለበት ግን ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ነው። መለያው ሒሳብ ይሁን እንግሊዝኛ የሚለው ምርጫ ስሞቹ ከታወቁ በኋላ ከተደረገ ምርጫው የተማሪ ምርጫ ይሆናል፤ ቀመሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ያንን አያስተካክለውም።